ስለሚዘገይ የወር አበባና ስለ ፅንስ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር አንዲት ሴት አግብታ አንድ ሁለት ዓመት ሳትፀንስ ከቆየች ነገሩ የባልና የሚስት ብቻ ሆኖ አይቀርም። አማት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ውሎ አድሮም «መካን ናት» የሚል ቃል ይወጣል። ከዚያ አገር ከመጣነው ተማሪዎች መካከል በዚህ ቃል ምክንያት የፈረሰ ትዳር የማያውቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መካን ከሚባሉት ሴቶች አንዳንዶቹ ፈጽመው የማይወልዱ አይደሉም። የወር አበባቸው በየወሩ መምጣቱ ቀርቶ በሁለት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሌላዪቱ ሴት በዓመት ዐሥራ ሦስት ጊዜ የምታገኘውን ዕድል እነርሱ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ብቻ የሚያገኙ ናቸው።

ስለ መፅነስ በትምህርት ቤትም በመንደርም ሲነገሩ የምንሰማቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ እነርሱም 14፣ 21 እና 12 ናቸው። ሴት በ14ኛው ቀን ትፀንሳለች ይባላል። ዕንቁላል መውጣቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ በ21ኛው ቀን ይደረጋል ይባላል። ሐኪም ዘንድ የሚኬደውም 12 ወር ከተጠበቀ በኋላ ነው ይባላል። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን የተሠሩት አበባዋ በጊዜው ለሚመላለስ ሴት ነው። አበባዋ ለሚዘገይ ሴት እንዳሉ ከተወሰዱ ሦስቱም ያሳስታሉ። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ እናሳያለን።

1ኛ/ ቀኑ የሚቆጠርበት መንገድ

አንድ ዙር የምንለው ደም ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚቀጥለው ደም እስከሚታይበት ቀን ዋዜማ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። ብዙ ሰዎች ደሙ ካቆመበት ቀን ይቆጥራሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። በአዋቂ ሴት ዘንድ ከ24 እስከ 38 ቀን ያለው ዙር ሁሉ ደኅና ነው። ስለዚህ በ35 ቀን የሚመጣ አበባ «ዘገየ» ተብሎ ሊያስደነግጥ አይገባም። ከ38 ቀን አልፎ መመላለስ ልማዱ የሆነ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ በታች የሚመጣ አበባ ግን ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል።

ቀን ለመቁጠር የኢትዮጵያ ወር እጅግ ይመቻል፤ እያንዳንዱ ወር ሠላሳ ቀን ነውና። በሁለቱ ወራት መካከል ያለውን ልዩነት በ30 ማባዛት፣ ከዚያም የቀኖቹን ልዩነት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ይበቃል። ነሐሴን አልፎ ወደ መስከረም የሚሻገር ዙር ሲሆን የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መጨመር ያስፈልጋል። ማስታወሻ ደብተር የሌላት ሴት እንኳ ቀኑን በበዓሉ ታስታውሳለች፤ «ሚካኤል ዕለት ነው የመጣብኝ» ትላለችና።

አሁን ምሳሌያችንን እንውሰድ። አንዲት የ26 ዓመት የቡሬ ሴት አለች እንበል። መፅነስ ከፈለገች ወዲህ አበባዋ የታየው መስከረም 12 በሚካኤል፣ ኅዳር 3 በበዓታ፣ ታኅሣሥ 21 በማርያም፣ የካቲት 19 በገብርኤል፣ ሚያዝያ 5 በአቦ፣ ግንቦት 27 በመድኃኔ ዓለም ነው። ከመስከረም 12 እስከ ኅዳር 12 ቢሆን 60 ቀን ይሆን ነበር፤ ኅዳር 3 ስለሆነ 9 ቀን ይቀነሳል፤ 51 ቀን ይሆናል። የሚቀጥሉትም በዚሁ አኳኋን ሲቆጠሩ 48፣ 58፣ 46 እና 52 ቀን ናቸው። አምስቱ ዙሮች ተደምረው 255 ቀን፣ በአማካይም 51 ቀን ይሆናሉ። እንዲህ ከሆነ በዓመት ውስጥ የምታገኘው ዙር ሰባት ብቻ ነው።

2ኛ/ ስለ ዐሥራ አራተኛው ቀን

ኪዩሳኩ ኦጊኖ የተባለው ጃፓናዊ የማሕፀን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ያሳተመው ጥናት ትልቅ ነገር ገለጠ። ይኸውም ዕንቁላል የሚወጣበት ቀን የሚታወቀው ካለፈው አበባ ወደ ፊት በመቁጠር ሳይሆን ከሚመጣው አበባ ወደ ኋላ በመቁጠር መሆኑን ነው። ዕንቁላሉ የሚወጣው የሚቀጥለው አበባ ከመምጣቱ ከ12 እስከ 16 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ዙር ሁለት ክፍል አለው። በፊተኛው ክፍል በኦቫሪ፣ ማለት በዕንቁላል ዕጢ ውስጥ፣ ዕንቁላሉን የያዘች ትንሽ ከረጢት ታድጋለች። ይህ ዕድገት በአንዲት ሴት ዘንድ ሁለት ሳምንት፣ በሌላዪቱ ዘንድ አምስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ ግን የቀረችው ባዶ ከረጢት ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን እያመነጨች ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ትኖራለች። ፅንስ ካልተገኘ ትከስማለች፤ ሆርሞኑም ይወርዳል፤ የማሕፀኑም ውስጠኛ ልባስ ተልጦ ደም ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ዙሩ ሲረዝም የሚረዝመው ብዙውን ጊዜ ፊተኛው ክፍል ነው።

ይህን በምሳሌያችን ላይ እናውለው። ከአጭሩ ዙር ከ46 ላይ 14 ብንቀንስ 32 ይሆናል፤ ከረጅሙ ከ58 ላይ 14 ብንቀንስ 44 ይሆናል። ስለዚህ በነዚህ ዙሮች ዕንቁላል ከወጣ የሚወጣው በ32ኛውና በ44ኛው ቀን መካከል ባለ አንድ ቀን ነው። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ድረስ ይቆያል፤ ዕንቁላሉ ግን ከአንድ ቀን በላይ አይኖርም። በዚህ ምክንያት ፅንስ ሊገኝባቸው የሚችሉት ቀኖች ከ27ኛው እስከ 44ኛው ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው። ባልና ሚስት «14ኛው ቀን» የተባለውን ምክር ሰምተው ከ12ኛው እስከ 16ኛው ቀን ብቻ ቢገናኙ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢያደርጉ እንኳ፣ ዕንቁላሉን አንድም ጊዜ አያገኙትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀኑ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ከሁሉ የሚቀለው ዙሩን በሙሉ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መገናኘት ነው። ዕንቁላሉ ሊወጣ ሲቃረብ ከማሕፀን በር የሚወርደው ፈሳሽ እንደ ጥሬ ዕንቁላል ነጩ ክፍል የጠራና የሚሳብ ስለሚሆን ይህም ምልክት ይሰጣል። የጧት የሰውነት ሙቀት ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ይህ ያለፈውን ከመመስከር በቀር የሚመጣውን አይናገርም። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የሽንት መመርመሪያም ቀጥለን በምንናገረው በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ጊዜ ዕንቁላል ሳይወጣ «ሊወጣ ነው» ብሎ ሊያታልል ይችላል።

የባል ሥራም ሊታሰብ ይገባል። ባልየው በቡሬና በነቀምቴ መካከል የሚመላለስ ሹፌር ቢሆን ወይም ለወራት መተማ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርድ ቢሆን፣ አብረው ያልኖሩበት ጊዜ እንደ ሙከራ ሊቆጠር አይገባውም።

3ኛ/ ዕንቁላሉ የሚዘገይበት ወይም የሚቀርበት ምክንያት

ደም መታየቱ ብቻውን ዕንቁላል መውጣቱን አያረጋግጥም። ዕንቁላል ሳይወጣም የማሕፀኑ ልባስ ወፍሮ በራሱ ጊዜ ሊደማ ይችላል። በመሆኑም የምሳሌያችን ሴት ካገኘቻቸው ሰባት ዙሮች አንዳንዶቹ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበዛው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው ሁኔታ ነው። ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በሰባት ሴቶች ላይ ያዩትን ጽፈው አስታወቁ። በዚህ ሁኔታ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች በኦቫሪው ውስጥ ይጀምራሉ፤ ነገር ግን አንዲቱ ከሌሎቹ በልጣ እስከ መጨረሻው አታድግም። የወንድ የሚባለው ሆርሞን ከልክ በላይ ስለሚሆን በአገጭና በከንፈር ላይ ፀጉር ሊበቅል፣ ብጉርም ሊበዛ ይችላል። ብዙዎቹ ወፈር ያሉ ናቸው፤ ቀጫጮችም ግን አይታጡም። እዚህ ላይ የሚያጽናናው ነገር ዕንቁላሎቹ አለማለቃቸው ነው፤ የጎደለው የሚያወጣቸው ትእዛዝ ነው።

በአገራችን ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ነው። ይህ መርፌ በኢትዮጵያ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት ነው። መርፌው መካን አያደርግም፤ ነገር ግን ኃይሉ ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ። ካቆሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የሚፀንሱት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ 9 ወይም 10 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ የሚዘገዩም አሉ። ስለዚህ «መርፌው ማሕፀኔን አደረቀው» የምትል ሴት ስትመጣ የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በክንድ የሚቀበረው ግን ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ መዘግየት አያመጣም።

የቀሩትን በአጭሩ እንጥቀሳቸው። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ አበባን ያዛባል፤ በደጋው አገራችን እንቅርት የተለመደ ስለሆነ ይህ ሊረሳ አይገባም። ፕሮላክቲን የተባለው የወተት ሆርሞን ሲበዛ፣ ሳትወልድ ወይም ጡት ካስጣለች ብዙ ቆይታ ከጡቷ ወተት ሊታይ ይችላል። ሕፃን ማጥባት ራሱም አበባን ያዘገያል። ከልክ ያለፈ መክሳትና የከበደ የጉልበት ሥራም እንዲሁ። ከ40 ዓመት በፊት አበባዋ እየራቀ ሄዶ ሰውነቷን ትኩሳት ትኩሳት የሚላት ሴት ደግሞ ዕንቁላሎቿ ቀድመው እያለቁ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ልታጠፋ አይገባትም።

4ኛ/ ስለ ሃያ አንደኛው ቀን ምርመራ

ምርመራው የሚጀመረው በእርግዝና ምርመራ ነው። አበባዋ ሁልጊዜ የሚዘገይ ሴት ፀንሳ ሳታውቅ ወራት ልታሳልፍ ትችላለችና። የዘገየ አበባ ከሆድ በታች ጽኑ ሕመም ካመጣ፣ ወይም ራስን የማዞርና የመሳት ስሜት ካመጣ፣ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ፅንስ ከሌለ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን፣ ኦቫሪውን የሚያዝዙት ሆርሞኖችና የወንድ የሚባለው ሆርሞን ይታያሉ። በአልትራሳውንድም ማሕፀኑና ኦቫሪው ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ ዕንቁላል መውጣት አለመውጣቱን የሚያሳየው የፕሮጄስትሮን ምርመራ ይመጣል። ይህ ሆርሞን ከፍ የሚለው ዕንቁላሉ በወጣ በሳምንቱ ነው፤ ይኸውም የሚቀጥለው አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው። በ28 ቀን ዙር ይህ ቀን 21ኛው ይሆናል፤ ቁጥሩም የመጣው ከዚህ ነው። የቡሬዋ ሴት በ21ኛው ቀን ደም ብትሰጥ ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ወረቀቱን ያየ ሰው «ዕንቁላል አታወጣም» ይላል፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ ገና ሊወጣ ከዐሥር ቀን በላይ ይቀረዋል። ለእርሷ ትክክለኛው መንገድ ከአጭሩ ዙሯ ከ46 ላይ 7 ቀንሶ በ39ኛው ቀን ደም መስጠት፣ አበባዋም እስኪመጣ ድረስ በየሳምንቱ፣ ማለት በ46ኛውና በ53ኛው ቀን መድገም ነው። ከነዚህ በአንዱ ቀን ከ3 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ ከተገኘ ዕንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ የምርመራ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ብቻ ማየት አይበቃም። ደሙ በዙሩ ስንተኛ ቀን ተወሰደ? ቀጣዩ አበባስ ከዚያ በኋላ በስንት ቀን መጣ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የባልየው ምርመራም በዚሁ ጊዜ መደረግ አለበት። የሚስቲቱ አበባ መዘግየቱ የባልየውን ጤንነት አያረጋግጥም፤ የሁለቱም ጉድለት በአንድ ቤት ሊገናኝ ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ መስጠት ብቻ ነው። የሴቲቱ ምርመራ ብዙ ደም፣ ብዙ መንገድና ብዙ ወራት ሲጠይቅ የወንዱ በአንድ ጧት ያልቃል። ስለሆነም «መጀመሪያ እርሷ ትታይ» የሚለው ልማድ በገንዘብም በጊዜም ኪሳራ ነው።

5ኛ/ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ወር

አበባዋ በጊዜው የሚመላለስና ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነ ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ካልፀነሰች ወደ ሐኪም ትሄዳለች። 35 የሞላት ስድስት ወር ሞክራ ትሄዳለች፤ 40 የሞላት ወዲያውኑ ትሄዳለች። ይህ ደንብ የተሠራው ደኅና ከሆኑት ባልና ሚስት አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሚፀንሱ ነው፤ ይኸውም ዐሥራ ሦስት ያህል ዕድል ስለሚያገኙ ነው።

የቡሬዋ ሴት በዓመት የምታገኘው ግን ሰባት ነው። ዐሥራ ሦስት ዕድል እስኪሞላላት ብትጠብቅ 663 ቀን፣ ማለት ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ብቻ የቀረው ጊዜ ይፈጅባታል፤ ያውም በእያንዳንዱ ዙር ዕንቁላል ከወጣ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓመት የሚጠበቀው ምክንያቱ ላልታወቀ መዘግየት ነው። የእርሷ ምክንያት በቀን መቁጠሪያዋ ላይ አስቀድሞ ይታያል። ስለዚህ ዙራቸው ከ38 ቀን የሚያልፍ፣ ወይም እርግዝና ሳይኖር ሦስት ወር አበባ ያላዩ ሴቶች ዓመት መጠበቅ የለባቸውም፤ መፅነስ በፈለጉበት ጊዜ ቢሄዱ ይገባል። ሳትወልድ ወተት የታያት፣ ከራስ ምታት ጋር ዓይኗ የደከመ፣ ወይም በድንገት ፀጉር የበቀለባት ሴት ፅንስ ባትፈልግም እንኳ መታየት አለባት።

ለመጀመሪያው ደረጃ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መታየት ይቻላል፤ እዚያ የማይሠራ ምርመራ ሲኖር ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ይላካል። ዕንቁላልና ዘርን ከአካል ውጭ አገናኝቶ ፅንስ የሚያስገኘው ሕክምና በመንግሥት ተቋም የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ነገር ግን ዕንቁላሏ ለሚዘገይ ሴት ይህ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መንገድ አይደለም።

6ኛ/ ስለ ሕክምናውና ስለሚያሳስተው ኪኒን

ታይሮይድ ወይም ፕሮላክቲን ምክንያት ሆኖ ከተገኘ ያንኑ ማከም ብዙውን ጊዜ አበባውን ይመልሳል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሆኖ ወፈር ላለች ሴት ከክብደቷ ከመቶ አምስት እስከ ዐሥር እጅ መቀነስ ዕንቁላሉን ሊመልስ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚሰጠው ሌትሮዞል የተባለው ኪኒን ነው፤ በዙሩ መጀመሪያ ለአምስት ቀን ይዋጣል፤ ብዙ ጊዜ በቀን ከ2.5 ሚሊግራም ይጀመራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በአሜሪካ በ750 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እስከ አምስት ዙር በሚደርስ ሕክምና በሌትሮዞል ከመቶ 27.5 ሴቶች፣ በቀድሞው መድኃኒት በክሎሚፊን ደግሞ ከመቶ 19.1 ሴቶች መውለዳቸውን አሳየ። ይህ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም አይደለም። ኪኒኑ የባል ዘርና የማሕፀን ቱቦዎች ሳይታዩ፣ እርግዝና አለመኖሩም ሳይረጋገጥ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚዋጥ አይደለም፤ መንታ የማስፀነስ ኃይልም አለው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «አበባሽን ያስተካክልልሻል» ተብሎ የሚሰጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ነው። ይህን የምትወስድ ሴት በየ28 ቀኑ ደም ታያለች፤ ደስም ይላታል። ደሙ የመጣው ግን ኪኒኑ በተቋረጠበት ሳምንት ነው እንጂ ዕንቁላል ወጥቶ አይደለም፤ እንዲያውም የኪኒኑ ሥራ ዕንቁላል እንዳይወጣ መከልከል ነው። ልጅ ለማትፈልግ ሴት ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ የማሕፀኗም ልባስ ከልክ በላይ እንዳይወፍር ይጠብቅላታል። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ግን በየወሩ አንድ ዕድል ይወስድባታል። በመሆኑም ለአበባ ማስተካከያ ኪኒን የታዘዘላት ሴት ስሙን ጠይቃ «መፅነስ እፈልጋለሁ» ብላ ለሐኪሟ ማስታወቅ አለባት።

ወደ ሐኪም ስትሄድ ይዛው የምትቀርበው ነገር አንድ ወረቀት ነው። በእርሱም ላይ የመጨረሻዎቹ ስድስት አበባዎች የታዩበት የመጀመሪያ ቀን፣ የመጨረሻው መርፌ ቀን፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ስምና ባልየው አብሯት የነበረበት ጊዜ ይጻፋል። ቀኖቹ በበዓል ስም ቢጻፉም ይበቃሉ፤ ሐኪሙ ከሚካኤል እስከ በዓታ 51 ቀን መሆኑን ለመቁጠር አይቸገርም።